በቅጹ ያልታዩት ሁለት ብልቃጦች

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ዘንድ የሪፖርት ወር የሚዘጋው በ30ኛው ቀን ሳይሆን በ20ኛው ነው። ከአንዱ ወር 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 የተሠራው ሥራ ተደምሮ ወደ ላይ ይላካል። ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነጌሌ አልፎ ሻሸመኔ የሚደርሰው የስምጥ ሸለቆ መንገድ ግራና ቀኙ የገጠር ቀበሌ ነው። በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ የሚወርደው ቆላም እንደዚሁ። በእነዚህ ቀበሌዎች በየጤና ኬላው የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በዚያ ቀን ከምትሞላቸው ቅጾች አንዱ የክትባት ክምችትና ብክነት ሪፖርት ነው። ወሩ ሲጀምር ስንት ዶዝ ነበረ? ስንት መጣ? ለስንት ሕፃን ተሰጠ? ስንት ባከነ? ስንት ቀረ?

አምስት ቁጥሮች ናቸው። ለጤና ጣቢያው፣ ከዚያም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ይኸው ብቻ ነው። አምስቱም ትክክል ሆነው፣ ድምሩም ሳይዛነፍ፣ ሪፖርቱ ግን ዋናውን ነገር ሳይናገር ሊያልፍ ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ክትባቱ እስከ ጤና ኬላው ድረስ የሚመጣበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በእቅዱ መሠረት አንድ ጤና ኬላ 5,000 ያህል ሕዝብ ያለውን ቀበሌ ያገለግላል፤ አምስት ጤና ኬላዎችም በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይደራጃሉ። ክትባቱ ከውጭ ገብቶ በአዲስ አበባ ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ ያርፋል። ከዚያ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በቅርንጫፎቹ በኩል ያከፋፍለዋል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ያለው አዳማ ነው። ቀጥሎ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ፣ በመጨረሻም ጤና ኬላ አለ። በዚህ ሁሉ ጉዞ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ፍሪጅ የሌለው ጤና ኬላ ለክትባት ቀን የሚያስፈልገውን ከጤና ጣቢያው በበረዶ ሣጥን ተሸክሞ አምጥቶ፣ ያልተከፈተውን በዚያው ቀን ይመልሳል። ፍሪጅ ያለው ደግሞ፣ በተለይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው፣ የወሩን አስቀምጦ ይጠቀማል። የባችና የማብቂያ ቀን ጉዳይ አንገብጋቢ የሚሆነው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ጤና ኬላ ነው።

ጉዳዩን ለማሳየት በመቂ ዙሪያ ባለው የዱግዳ ወረዳ የሚገኝ አንድ ጤና ኬላን በምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ አካሄዱ ግን በየትኛውም ጤና ኬላ የሚያጋጥም ነው። ሪፖርቱ ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ይሸፍናል፤ ክትባቱ የኩፍኝ ነው። አንዱ ብልቃጥ 10 ዶዝ ይይዛል።

ወሩ ሲጀምር ፍሪጁ ውስጥ 2 ብልቃጥ፣ ማለትም 20 ዶዝ ነበረ። የሁለቱም ባች አንድ ነው፤ ብልቃጡ ላይ የታተመው የማብቂያ ቀን 10/2025 ይላል። በወሩ መጀመሪያ ሳምንት ከጤና ጣቢያ 4 ብልቃጥ፣ 40 ዶዝ መጣ። ይህ ሌላ ባች ሲሆን የሚያበቃው በ08/2026 ነው። በወሩ ሁለት የክትባት ቀን ነበረ፤ በመጀመሪያው 12፣ በሁለተኛው 11 ሕፃናት ተከተቡ። በየቀኑ ሁለት ሁለት ብልቃጥ ስለተከፈተ በድምሩ 4 ብልቃጥ ወጣ ማለት ነው። ከ40 ዶዝ 23ቱ ተሰጥቶ 17ቱ ተጣለ። ወሩ ሲዘጋ ፍሪጁ ውስጥ 2 ብልቃጥ፣ 20 ዶዝ ቀረ።

ሪፖርቱ እንግዲህ ይህን ይላል፤ የነበረ 20፣ የመጣ 40፣ የተሰጠ 23፣ የባከነ 17፣ የቀረ 20። ሂሳቡ ልክ ነው። የብክነቱ መጠን የሚገኘው 17ን ለ40 በማካፈል ነው፤ 42.5 በመቶ ይሆናል። ለቀጣዩ ወር ደግሞ በእጅ 20 ዶዝ አለ።

እዚህ ላይ ግን አምስቱ ቁጥሮች የማይመልሱት ጥያቄ ይነሳል። የቀሩት ሁለት ብልቃጦች የትኞቹ ናቸው?

የጤና ኬላው ፍሪጅ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት ዓይነት ነው እንበል። አዲስ የመጣው ካርቶን ከላይ ይቀመጣል፤ አሮጌዎቹ ሁለት ብልቃጦች በቅርጫቱ ሥር ይቀራሉ። በክትባት ቀን እናቶች በር ላይ ተሰልፈው፣ ሕፃናት እያለቀሱ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ብዙ እንዳይቆይ እየተጣደፈች ባለሙያዋ እጇ የደረሰበትን ታነሳለች። የምታነሳው አዲሱን ነው። በሁለቱም ቀን ከአዲሱ ባች ከተከፈተ፣ በ20ኛው ቀን የቀሩት ሁለቱ አሮጌዎች ናቸው። ብልቃጥ ላይ 10/2025 ሲል ክትባቱ እስከዚያ ወር መጨረሻ ቀን ድረስ ያገለግላል ማለት ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ሪፖርቱ በ20 ተዘግቶ፣ "በእጅ ያለ 20 ዶዝ" ተብሎ ተፈረመ፤ በማግስቱ ማታ ግን ያ 20 ዶዝ ወደ ዜሮ ወረደ።

በተቃራኒው ባለሙያዋ መጀመሪያ አሮጌውን ባች አንስታ ቢሆን ኖሮ፣ የቀሩት ሁለቱ ብልቃጦች እስከ ነሐሴ 2018 ዓ.ም. የሚያገለግሉት ይሆኑ ነበር። በሁለቱም ሁኔታ ወደ ወረዳ የሚሄደው ወረቀት አንድ ነው፤ አንድም አኃዝ አይለይም። በአንደኛው ግን በኅዳር ወር የክትባት ቀን ዘጠኝ ወር የሞላው ልጇን አዝላ የመጣች እናት ክትባት የለም ተብላ ትመለሳለች። ጤና ጣቢያው 20 ዶዝ እንዳለ አይቶ የላከው በዚያው ልክ ቀንሶ ነውና።

መፍትሔው የተራቀቀ አይደለም። በክምችት መዝገቡ ላይ አንድ ክትባት በአንድ መስመር ከሚጠቃለል ይልቅ እያንዳንዱ ባች የራሱ መስመር ይኑረው፤ የአምራቹ ስም፣ የባች ቁጥር፣ የማብቂያ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ከላይ ያለው ምሳሌ በዚህ መልክ ቢጻፍ ኖሮ የመጀመሪያው መስመር "የነበረ 20፣ የወጣ 0፣ የቀረ 20፣ የሚያበቃው ጥቅምት 21" ይል ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ገና በመስከረም መጨረሻ ይደነግጣል፤ ለመደንገጥም ጊዜ ይኖረዋል። የማከማቻው ደንብ ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይውጣ የሚል ነው። ከዚህ የሚቀድመው የብልቃጡ የሙቀት ምልክት፣ ባለሙያዎቹ ቪቪኤም የሚሉት፣ ሙቀት እንዳገኘው ሲያሳይ ብቻ ነው። በክቡ መሐል ያለችው ነጭ አራት ማዕዘን እየጠቆረች ከሄደች ያ ብልቃጥ የማብቂያ ቀኑ ሩቅም ቢሆን ቀድሞ ይወጣል፤ ከክቡ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ከያዘች ወይም ከባሰች ደግሞ ይጣላል።

በማብቂያ ቀኑ ላይ ሌላ ችግር አለ፤ ይህኛው የእኛው አገር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ብልቃጡ የሚናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ መዝገቡ፣ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ፣ ሪፖርቱና የባለሙያዋ አእምሮ በኢትዮጵያ። በችኮላ የሚደረገው ለውጥ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። ከዓመቱ 8 ቀንሶ ወሩን እንዳለ የሚተው ሰው 10/2025ን 10/2017 ያደርገዋል፤ አሥረኛው ወር ሰኔ ስለሆነ ክትባቱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. እንዳለፈበት ይቆጥርና አራት ወር ገደማ ዕድሜ ያለውን ደህና ክትባት ይጥላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የዓመት ልዩነቱ 7 መሆኑን የሚያስታውስ ሌላ ሰው ደግሞ 7 ቀንሶ 10/2018 ይላል። ይህ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ነው፤ ክትባቱ ካለፈበት ስምንት ወር በኋላ ማለት ነው። ከሁለቱ ስህተቶች የከፋው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ዶዝ ያባክናል፣ ሁለተኛው ግን ያለፈበትን ክትባት ወደ ሕፃን ክንድ ያደርሳል።

ይህን ለማስቀረት መዝገቡ ላይ ሁለቱንም መጻፍ ይገባል፤ ብልቃጡ ላይ የታተመውን እንዳለ፣ አጠገቡ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑን ጭምር። ፍሪጁ ክዳን ላይ የሚለጠፍ ባለ አሥራ ሁለት መስመር ሰንጠረዥ ለሁሉም ዓመት ያገለግላል። የፈረንጆቹ ጥር መጨረሻ ጥር 23፣ የሰኔያቸው መጨረሻ ሰኔ 23፣ የነሐሴያቸው መጨረሻ ነሐሴ 25፣ የጥቅምታቸው መጨረሻ ጥቅምት 21 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም እስከ ጥር ባሉት ወራት ብቻ፣ ጳጉሜን ስድስት ሆና ስለምታልፍ፣ አንድ ቀን ይቀነሳል። ብልቃጡ ላይ ወሩ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ከታተመ ግን የሚጸናው የታተመው ቀን ነው።

አሁን ወደ ብክነቱ እንምጣ። በምሳሌው 42.5 በመቶ የሚለው ቁጥር ለማያውቅ ሰው ያስቆጣል፤ ከአሥሩ አራቱ ተጣለ ማለት ነውና። ይሁን እንጂ የተጣለው 17 ዶዝ የማንም ጥፋት አይደለም።

የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባት በዱቄት መልክ የሚመጡ ናቸው። ከየራሳቸው መበጥበጫ ፈሳሽ ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ ጀርም እንዳይራባ የሚከላከል ነገር የላቸውም። ስለዚህ ከተበጠበጡ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ወይም የዕለቱ የክትባት ሥራ ሲያበቃ፣ የቀደመው በደረሰበት ሰዓት ይጣላሉ። ይህ ደንብ ለምን እንደማይሸራረፍ ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በከባድ ዋጋ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ከኢትዮጵያ ጠረፍ ብዙም በማይርቀው የካፖኤታ አካባቢ በተካሄደ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ 15 ሕፃናት ሞቱ። ምርመራው ያገኘው አንድ መርፌ ለአራት ቀን ያህል ደጋግሞ አገልግሎት ላይ መዋሉን፣ ክትባቱም ያለ ቅዝቃዜ መቀመጡን ነው። ሕፃናቱን የገደላቸው ክትባቱ ራሱ አልነበረም፤ በተበከለ ክትባት የመጣ የደም መመረዝ ነበር። ብልቃጥ ውስጥ የቀረ ሰባት ዶዝ አሳዝኗት ለነገ የምታስቀምጥ ባለሙያ የምትቆጥበው ነገር እንዲህ ዓይነት አደጋ ነው።

ስለዚህ በኩፍኝና በቢሲጂ የተከፈተ ብልቃጥ ብክነት በአብዛኛው የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ ብልቃጡ በሚይዘው ዶዝና በአንድ የክትባት ቀን በሚመጡት ሕፃናት ቁጥር። 5,000 ሕዝብ ባለው ቀበሌ በወር 13 ያህል ሕፃናት ይወለዳሉ ብለን እንነሳ። የቢሲጂ ብልቃጥ 20 ዶዝ ይይዛል። ጤና ኬላው በወር አንድ ቀን ብቻ ቢሲጂ ቢሰጥና ሁሉም ቢመጡ፣ አንድ ብልቃጥ ይከፈታል፤ 7 ዶዝ ይጣላል፤ ብክነቱ 35 በመቶ ነው። በወር ሁለት ቀን ቢሰጥ ሁለት ብልቃጥ ይከፈታል፤ ከ40 ዶዝ 27ቱ ይጣላል፤ 67.5 በመቶ። በየሳምንቱ ቢሰጥ ደግሞ ከ80 ዶዝ 67ቱ ይጣላል፤ ወደ 84 በመቶ ይጠጋል። የተከተቡት ሕፃናት በሦስቱም ሁኔታ 13 ናቸው። ልዩነቱ ሕፃኑ ክትባቱን የሚያገኘው በተወለደ በሳምንቱ ነው ወይስ አንድ ወር ጠብቆ የሚለው ነው። በየሳምንቱ የሚሰጠው ጤና ኬላ በሪፖርት ላይ ከሁሉ የከፋ ይመስላል፤ ለሕፃኑ ግን የተሻለ የሠራው እሱ ነው።

በአዳማ ከተማ ባሉ ትልልቅ የጤና ተቋማት ይህ ችግር የቀለለ ነው። ብዙ እናቶች ስለሚወልዱ አንድ ብልቃጥ ለማዳረስ የሚበቃ ሕፃን በቶሎ ይገኛል። በፈንታሌ ወረዳ ግን የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው በሚንቀሳቀሱበት ሜዳ፣ ባለሙያዋ የበረዶ ሣጥኗን ይዛ ሄዳ ሦስት ወይም አራት ሕፃን ብቻ ልታገኝ ትችላለች። የዚያ ቀን የኩፍኝ ብክነት 60 ወይም 70 በመቶ ይሆናል። አዳማንና ፈንታሌን በአንድ የብክነት ገደብ መለካት ፍትሐዊ አይደለም። ከዚህም የሚከፋው ደግሞ በመስክ ላይ ያለችው ባለሙያ ስለ ብክነቱ ስትወቀስ የምታደርገው ነገር ነው። አንዴ ከተወቀሰች በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር ሦስት ሕፃናት ሲመጡ፣ "አሥር እስኪሞሉ ጠብቁ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ" ትላለች። ሁለት ሰዓት በእግር የተጓዘች እናት ላትመለስ ትችላለች። የክትባት ደንቡ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈታል።

ብልቃጡን ማሳነስም አንድ መንገድ ነው። በዛምቢያ በተወሰኑ ወረዳዎች ባለ 10 ዶዝ የኩፍኝና ሩቤላ ብልቃጥ በባለ 5 ዶዝ ተተክቶ ተሞክሯል፤ ብክነቱ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ የተከተቡት ሕፃናት ቁጥር በመጠኑ ጨምሯል። ጉዳቱ ደግሞ ትናንሽ ብልቃጦች በዶዝ ሲሰላ ዋጋቸው መወደዱና በፍሪጅ ውስጥ ብዙ ቦታ መያዛቸው ነው። ይህ በጤና ኬላ ደረጃ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

በጤና ኬላ ደረጃ ሊድን የሚችለው ብክነት ሌላው ነው፤ ሳይከፈት የሚጣለው። ጊዜው ያለፈበት፣ ሙቀት የመታው፣ በረዶ የያዘው፣ የተሰበረ። በስምጥ ሸለቆ ቆላ ሁሉም የሚፈራው ሙቀትን ነው። ከፍርሃቱ የተነሳም አይስ ፓኩን ከፍሪዘር አውጥቶ እንደ ደረቀ ሣጥን ውስጥ የሚከት አለ። ሲወዘወዝ ውስጡ ውሃ መንቀሳቀሱ እስኪሰማ ድረስ ውጭ መቆየት ሲገባው፣ እንደዚያ ሲደረግ አጠገቡ ያለው ፔንታቫለንት በረዶ ይይዘውና ይበላሻል። ቪቪኤም የሙቀት ምልክት እንጂ የብርድ ምልክት ስላልሆነ ብልቃጡ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። በብክነት ቅጹ ላይ "በረዶ የያዘው" የሚለው ሳጥን በየወሩ ዜሮ ከሆነ፣ ችግሩ የለም ከማለት በፊት የተጠረጠረ ብልቃጥ ተወዝውዞ ተፈትኖ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል።

እንግዲህ የተከፈተውና ያልተከፈተው ብክነት በአንድ ሳጥን ተደምሮ ሲላክ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ለሦስት ሕፃን ስትል ብልቃጥ የከፈተችው ባለሙያና ሁለት ብልቃጥ በፍሪጅ ሥር ያስረጀችው ባለሙያ አንድ ዓይነት ቁጥር ይኖራቸዋል። የመጀመሪያዋ ሥራዋን ሠርታለች። ሁለተኛዋ እርዳታና ክትትል ያስፈልጋታል። ሁለቱን የሚለይ ቅጽ ከሌለ ወረዳው ሁለቱንም ይወቅሳል ወይም ሁለቱንም ያልፋል።

የባች ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው፤ ይኸውም የተሠራጨውን ክትባት መልሶ ማግኘት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ አካባቢ የተከተቡ ሕፃናት ክንዳቸው ላይ መግል ቢይዙ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ከየትኛው ባች ተከተቡ የሚለው ነው። የሕፃኑ የክትባት ካርድ ብዙውን ጊዜ የተከተበበትን ቀን እንጂ የባች ቁጥሩን አይዝም። ስለዚህ መልሱ የሚገኘው በሌላ በኩል ነው፤ ከካርዱ ቀኑ፣ ከመዝገቡ ደግሞ በዚያ ቀን የወጣው ባች። መበጥበጫ ፈሳሹም የራሱ ባች አለውና እሱም አብሮ መመዝገብ አለበት። ይህ መዝገብ ካለ ጤና ጣቢያው ያንን አንድ ባች ብቻ ከአምስቱ ጤና ኬላዎች ይሰበስባል፤ ሌላው ክትባት ሥራው አይቋረጥም። ከሌለ ግን ያለው አማራጭ ሁሉንም ማቆም ወይም ምንም አለማድረግ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ዓይነት ፍለጋ በአገር አቀፍ ደረጃ አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 17 እስከ ግንቦት 1 ቀን 2016፣ በእኛ ከሚያዝያ 9 እስከ 23 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ 155 አገሮችና ግዛቶች ሦስቱንም የፖሊዮ ዓይነቶች የያዘውን የአፍ ጠብታ አቁመው ሁለቱን ብቻ በያዘው ተኩ። በእኛ አገር የመጨረሻው ቀን የትንሣኤ በዓል የዋለበት ነበር። ከዚያ በኋላ አሮጌው ብልቃጥ በየትም ጤና ኬላ ፍሪጅ ውስጥ ሊገኝ አይገባውም ነበር፤ ምክንያቱም በጠብታው ውስጥ ያለው ሁለተኛው ዓይነት የተዳከመ ቫይረስ ክትባት ባላገኙ ሕፃናት መካከል እየተላለፈ ቆይቶ ወደ ሽባ አድራጊነት ሊመለስ ይችላል። ዝግጅቱ ወራት የወሰደው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የትኛው ተቋም ስንት አሮጌ ብልቃጥ እንደያዘ ካልታወቀ ብዙ ተልኮ ይቃጠላል፣ ወይም ትንሽ ተልኮ ሕፃናት በመሀል ይቀራሉ። ፍሪጁን ከፍቶ በባችና በዓይነት የቆጠረ ጤና ኬላ በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ሥራውን መጨረስ ይችላል፤ "ፖሊዮ 60 ዶዝ" ብሎ የጻፈ ግን መልሶ መቁጠር ይኖርበታል።

ሪፖርት የሚያነብ ሰው ቅጹን ብቻ ይዞ ሊያያቸው የሚችሉ ምልክቶች አሉ። የኩፍኝ ክትባት የተሰጣቸው ሕፃናት ቁጥር በየወሩ 10፣ 20፣ 10 እየሆነ ከመጣ፣ ሕፃናት አሥር እስኪሞሉ እየተመለሱ ነው ወይም ቁጥሩ ከብልቃጥ ተገልብጧል። በወር 13 ሕፃናት በሚወለዱበት ቀበሌ የቢሲጂ ብክነት 5 በመቶ ከተባለ አይታመንም፤ ሂሳቡ ራሱ አይፈቅደውም። የተሰጠው ከወጣው ከበለጠ መዝገቡ ተሳስቷል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንዱ ሳጥን በብልቃጥ፣ ሌላው በዶዝ መሞላቱ ነው። የኩፍኝ ዱቄቱ 4፣ መበጥበጫው 2 ከሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ነገር ጠፍቷል ወይም ሳይመዘገብ ወጥቷል፤ ሁለቱ አብረው ገብተው አብረው የሚወጡ ናቸውና። የተሰጠውን ዶዝ ከወጣው መርፌ ጋር ማስተያየትም ብዙ ያጋልጣል።

በአዳማ ዙሪያም ሆነ በመቂ፣ በባቱና በወለንጪቲ ጤና ኬላዎችን የሚጎበኙ የጤና ጣቢያና የወረዳ ባለሙያዎች ጉብኝታቸውን "ብክነታችሁ ለምን በዛ?" በሚለው ባይጀምሩት መልካም ነው። መጀመሪያ ፍሪጁን አስከፍተው "እዚህ ካሉት ቀድሞ የሚያበቃው የትኛው ነው?" ብለው ይጠይቁ። የባለሙያዋ እጅ ወደ ትክክለኛው ብልቃጥ ከሄደና መዝገቡ ያንኑ ካለ፣ የኩፍኙ ብክነት 42 በመቶ መሆኑ አያስጨንቅም። ሦስት ወር ብቻ የቀረውና በዚያ ጤና ኬላ የማያልቅ ባች ካገኙም በዚያው ቀን በበረዶ ሣጥን ይዘውት ይመለሱ፤ ብዙ ሕፃናት በሚከተቡበት የከተማ ጤና ጣቢያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃል።